ሰኔ 30 የሚቆጠረው ገብስ

ኢአርፒ የግዢን፣ የመጋዘንን፣ የሽያጭንና የሂሳብን ሥራ በአንድ የመረጃ ቋት የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። እንበልና ከዳባትና ከደባርቅ ገብስ የሚገዛ አንድ የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ሊያስገባው ወሰነ።

መጀመሪያ ጥናት ነው። አማካሪው ቢሮ ተቀምጦ አይጨርሰውም፤ መጋዘን ወርዶ ገብሱ ሲመዘን፣ ደረሰኙ ሲቆረጥ ማየት አለበት። ንብረት ክፍሉ በኩንታል፣ ሂሳብ ክፍሉ በኪሎ እንደሚመዘግብ የሚያውቀው እዚያ ነው። ይህ ልዩነት በዲዛይን ሰነዱ መስፈር አለበት። ከዚያ ሲስተሙ ይዋቀራል፤ ሠራተኞቹም ራሳቸው ይሞክሩታል።

እንደኔ ከሁሉ የሚከብደው ነባሩን መረጃ ማዛወር ነው። 40,000 ኪሎ መሆን የነበረበት 400 ኩንታል ገብስ 400 ኪሎ ተብሎ ከገባ፣ 4 ኩንታል እንደወጣ ሲስተሙ ክምችት የለም ይላል፤ ገብሱ ግን መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። ስለዚህ ዝውውሩ አስቀድሞ ይሞከራል፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ብዛትና ዋጋ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ልዩነት ተገኝቶ ምክንያቱ ካልታወቀ ሥራ ማስጀመር አይገባም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት ሰኔ 30 ክምችቱን ቆጥሮ በማግስቱ መጀመር ይመቸዋል። ክረምት ነውና መብራት ሲቋረጥ በወረቀት መዝግቦ ኋላ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ባለው የድጋፍ ጊዜ አማካሪው ቢያንስ የመጀመሪያው ወር ሂሳብ እስኪዘጋ እዚያው ይቆይ፤ ብዙው ስህተት የሚወጣው ያኔ ነው።