መስመሩን የሞላው የትኛው አድራሻ ነው? የአንድ አነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ ልኬት



የአንድ ቢሮ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ሁሉም «ማን ነው የያዘው?» ይላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የት ቆመን እንደምንለካ መወሰን አለብን እላለሁ። ከስዊች ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ የሚያየው ከሞላ ጎደል የራሱን ትራፊክ ብቻ ነው፤ ስዊቹ የሌላውን ፓኬት ወደ እሱ አይልክምና። ከራውተሩ ውጭ ብንለካ ደግሞ ራውተሩ የውስጡን አድራሻዎች በሙሉ በራሱ አንድ አድራሻ ተክቷቸዋል። ስለዚህ ተገቢው ቦታ የራውተሩ የውስጥ በኩል ነው።

እኔ የለካሁት ቢሮ መስመሩ ለማውረድ 20፣ ለመላክ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነበረው። ሥራ በሌለበት ሰዓት 35 ሚሊሰከንድ የነበረው የፒንግ ምላሽ ቀን ላይ 835 ደረሰ። ሆኖም የሚወርደው ትራፊክ 6 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ብዙዎች እዚህ ላይ «መስመሩ አልሞላም» ብለው ያቆማሉ። በኦፕንደብልዩአርቲ በሚሠራው ራውተር ላይ ይህን አስኬድኩ፦

```
iftop -n -i br-lan -F 192.168.1.0/24
```

d የሚለውን ፊደል ሲጫኑ የውጭ አድራሻዎቹ ይጠቃለሉና ለእያንዳንዱ የውስጥ አድራሻ አንድ ድምር ይቀራል። በቀኝ ያሉት ሦስት ዓምዶች የ2፣ የ10 እና የ40 ሰከንድ አማካዮች ናቸው። ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው በመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ፣ እኔ የማምነው ሦስተኛውን ነው። በዚያ ዓምድ 192.168.1.37 ያለማቋረጥ 3.6 ሜጋቢት ይልክ ነበር። የተጨመረው 800 ሚሊሰከንድ በ4 ሜጋቢት ሲባዛ 3.2 ሜጋቢት ይሆናል፤ ይህም ሞደሙ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ 400 ኪሎባይት ማለት ነው። የሚወርድ ፋይል ሁሉ «ደርሶኛል» የሚለውን ማረጋገጫ መልሶ የሚልከው በዚሁ ወረፋ በኩል ስለሆነ ማውረዱም አብሮ ይዘገያል።

ነገር ግን አድራሻ ማለት መሣሪያ ማለት አይደለም። ራውተሩ ላይ

```
ip neigh show 192.168.1.37
```

ብዬ ያገኘሁትን የማክ አድራሻ በየክፍሉ ስፈልገው፣ ባለቤቱ ኮምፒውተር ሳይሆን አንድ ክፍል ውስጥ የተተከለ ሌላ የዋይፋይ ራውተር ሆኖ ተገኘ። ከኋላው 5 ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ተሸሽገዋል። ገመዱን ከዋን ወደብ ነቅዬ ወደ ላን ወደብ አዛወርኩ፤ አድራሻ ማደሉንም አጠፋሁበት። (በቅድሚያ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር እንዳይጋጭ መቀየር ያስፈልጋል።) ከዚያ በኋላ አምስቱም የየራሳቸውን አድራሻ ይዘው በሠንጠረዡ ላይ ታዩ።

የሚልከው አንዱ ብቻ ነበር፤ የሥዕላዊ ንድፎች ማኅደሩን ወደ ክላውድ የሚገለብጥ ኮምፒውተር። የመገልበጫውን ፍጥነት በ1 ሜጋቢት ስንወስነው ፒንጉ በደቂቃ ውስጥ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ወረደ፤ ገደቡን ስናነሳ ተመልሶ ወጣ። ጥፋተኛው እሱ መሆኑን የተቀበልኩት ይህን ሁለት ጊዜ ደግሜ ካየሁ በኋላ ነው።