25ቱ ዶላር የት ገባ?

እሷ፦ ቢስቲማ ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ ዲዛይን የሚሠራ ልጅ አለ እንበል። የ400 ዶላር ኢንቮይስ ልኮ ሒሳቡ ላይ 48,750 ብር ገባ። ደንበኛው አጉድሎ ነው?

እሱ፦ ቆይ እስቲ፤ ስቴትመንቱ ብሩን እንጂ ዶላሩን አያሳይም።

እሷ፦ ለምንዛሪው ቢያካፍለውስ?

እሱ፦ በየትኛው ቀን ምንዛሪ? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋውን ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት፤ ይለዋወጣል። ከባንኩ ክሬዲት አድቫይስ ይጠይቅ። “375 ዶላር በ130 ብር” ይላል እንበል።

እሷ፦ አሃ! 25 ዶላር ጎድሏላ።

እሱ፦ ማን ወሰደው ነው ጥያቄው። ደንበኛው የስዊፍት ቅጂውን ይላክለት። የተላከው 400 ሆኖ የክፍያው ዓይነት SHA ከሆነ፣ መሀል ያለው ባንክ ቆርጦት ይሆናል።

እሷ፦ እና ኢንቮይሱን በ375 ይዝጋው?

እሱ፦ የለም! በ400 ይዝጋውና 25ቱን የባንክ ወጪ ብሎ ለብቻ ይጻፈው። አለዚያ ደንበኛውን የሌለበትን ዕዳ ሊጠይቀው ነው።

እሷ፦ እኔ ግን ወጪውን ዝም ብሎ መሸከም የለበትም ባይ ነኝ። በሚቀጥለው OUR ብለህ ላክልኝ ይበለው፤ ያኔ የማስተላለፊያውን የሚከፍለው ላኪው ነው።

እሱ፦ ደንበኛው እሺ ካለ። በወሩ ማብቂያ ተልኮ ገና ያልገባ ካለ ደግሞ፣ ኢንቮይሱን ክፍት ይተወውና ገንዘቡ ሲገባ ከቁጥሩ ጋር ያገናኘው።