ተረኛዋ ፈቃድ ስትወጣ ማን ይሸፍናል?

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ሒሳቡን ስለምይዘው አንድ ሱቅ ነው። አራት ሴቶች ይሠሩበታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ክፍት ነው። የፈረቃ ሰሌዳውን የማወጣው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ሰሌዳዬ ትክክል መስሎኝ ነበር። ሁሉም ስድስት ቀን ሠርተው አንድ ቀን ያርፋሉ። ጥር ሲገባ ግን ሁሉም ፈቃድ ጠየቁ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ አስተርእዮ ማርያም ጥር 21 ነው፤ ሰርጉም በዚያው ወር ነው። እኔ ቀድማ ለጠየቀችኝ ፈቀድኩ፣ ልጅ ላላት አዘንኩ። የቀረውን ያላገባችው ታናሿ ሸፈነችው። ምንም አላለችም። በየካቲት ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዛ መጣች። መዝገቡን ገልጬ ብቆጥር ከስምንት እሑድ ስምንቱንም ሠርታለች፤ ሌላዋ የሠራችው ሦስት ነው። በሳምንት ከስድስት ቀን ስላላለፈች በወረቀት ላይ አልተበደለችም። በኑሮዋ ግን ተበድላለች።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ እንደ ሒሳብ ሠራሁት።

ሕጉ መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ በሳምንት ስድስት ተራ ትሠራለች፤ አራቱ 24 ተራ ይሆናሉ። ሱቁ በቀን ሦስት ሰው ስለሚፈልግ በሳምንት 21 ተራ ይበቃዋል። አንዷ ፈቃድ ስትወጣ 18 ተራ ይቀራል፤ ሦስት ይጎድላል። ይህን ገበያ በሌለባቸው ሦስት ቀኖች በሁለት ሰው ብንሠራ ይሸፈናል። አንዷ ጠዋት 1 ሰዓት ገብታ 9 ሰዓት ትወጣለች፤ ሌላዋ 5 ሰዓት ገብታ እስክንዘጋ ትቆያለች። ሁለት ሠራተኞች አንድ ላይ ከወጡ ግን 12 ተራ ብቻ ይቀራል። በየቀኑ ሁለት ሰው ለማቆም እንኳ 14 ያስፈልጋል። ስለዚህ ደንባችን አንድ ሆነ፤ በአንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ የምትወጣው አንዲት ብቻ ናት።

ታዲያ ይበቃል ወይ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አራቱ ቢያንስ 64 ቀን አላቸው። በሳምንት ስድስት ቀን ስናካፍለው 11 ሳምንት ገደማ ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው። ቦታ አልጠፋም፤ ያጣላን ሁሉም ጥርን መፈለጋቸው ነው።

ለጥርና ለፋሲካ እንደ ዕቁብ ዕጣ እናወጣለን። ዘንድሮ የደረሳት በሚቀጥለው ዓመት ከዕጣው ትወጣለች። መለዋወጥ ይቻላል፤ ግን ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ። እሑድ፣ በዓልና የምሽት ተራ በየስማቸው ለብቻ ይቆጠራሉ። የሚቀጥለውን ወር ሰሌዳ ሳወጣ፣ ከእነዚህ ብዙ የሠራችውን አሳርፋለሁ። ልጅ ያላት ወይም የሌላት ብዬ አልጠይቅም፤ ቁጥሩን አያለሁ።

ሐዘን ግን ዕጣ አይጠብቅም። ሕጉም የቅርብ ዘመድ ለሞተባት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕዳ መለየት ግድ ይላል። ጓደኛዋን ለግል ጉዳይዋ ተክታ የሠራች እንደሆነ፣ ዕዳው የጓደኛዋ ነው፤ ተራ በተራ ትመልሳለች። በሐዘን ወይም በሕመም የተሸፈነ ተራ ግን የሱቁ ዕዳ ነው። ሐዘንተኛዋ ከለቅሶ ስትመለስ ተራ አለብሽ አትባልም። የሸፈነችው ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከሠራች ሱቁ የትርፍ ሰዓት ይከፍላታል። እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ይህ ሁሉ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ የወሊድ ፈቃድ። ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ አራት ወር ነው። ሦስት ሰው ለአራት ወር 18 ተራ ብቻ ይዞ ቢቆይ፣ ሌላ ማንም የዓመት ፈቃድ መውጣት አይችልም። ለዚህ ጊዜያዊ ሠራተኛ መቅጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ የአራት ወር ደመወዝ በበጀት ውስጥ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ይህን የምለው በተለይ ለምትደግፉን ነው፤ በዕቅዳችን ላይ ያንን መስመር ስታዩ ትርፍ ወጪ አይምሰላችሁ።

ታናሿ መዝገቡን ሳሳያት ደብዳቤዋን መልሳ ወሰደች። የመጀመሪያውን ዓመት ጥር ያለ ዕጣ ለእሷ እንስጥ ያሉት ሦስቱ ራሳቸው ናቸው።