ያልደረሰን ዕቃ የተጻፈበት ደረሰኝ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቻችን፣ በጋራ ሱቅ የምንሠራው እኛ አምስታችን ከአከፋፋያችን ጋር የገጠመንን እንድንነግራችሁ ተጠይቀናል።

በዱቤ ያዘዝነው 20 ካርቶን የልብስ ሳሙናና 12 ካርቶን ማካሮኒ ነበር። ዕቃው የመጣው ሱቁ በገዢ በተጨናነቀበት ሰዓት ስለነበር፣ ተረኛዋ እህታችን ሳትቆጥር የርክክቡን ወረቀት ፈረመች። ማታ መዝገብ ላይ ልናሰፍር ስንቆጥር ሳሙናው 16 ሆነ። ደግመን ብንቆጥርም ያው ነው። ደረሰኙ ግን 20 ይላል። አንዱ ካርቶን ቫትን ጨምሮ 900 ብር ስለሆነ፣ ያልተረከብነው የ3,600 ብር ዕቃ ነው። የሱቃችን የወር ኪራይ ማለት ነው።

መጀመሪያ በንዴት የጻፍነው ደብዳቤ «አታለላችሁን» የሚል ነበር። ግን አልላክነውም። ማን እንዳጎደለው አናውቅም፤ ፊርማችንም እነሱ እጅ ነው። ስለዚህ የምናውቀውን ብቻ ይዘን፣ የደረሰኙን ቁጥርና ቀን ከላይ አስፍረን፣ በማግስቱ ጠዋት እንዲህ ስንል ጻፍን፦

«በዚህ ደረሰኝ 20 ካርቶን የልብስ ሳሙና ተጽፏል። የደረሰን 16 ነው። ማካሮኒው 12ቱም ተሟልቷል። ሳንቆጥር መፈረማችን የእኛ ስህተት ነው፤ ጉድለቱን ያየነው ያንኑ ዕለት ማታ ነው። ደረሰኙን ዕቃው ከመጋዘናችሁ ከወጣበት ሰነድ ጋር እንድታስተያዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከጠቅላላው 30,000 ብር ውስጥ የተረከብነውን ዕቃ ዋጋ 26,400 ብር በቀጠሮው ቀን እንከፍላለን። ለቀሪው 3,600 ብር 4ቱን ካርቶን ላኩልን፤ ካልሆነም ሂሳቡን የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ስጡን።»

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን አንዱን ሰጠናቸው፤ በእኛ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስብለን አስፈረምን።

ከሦስት ቀን በኋላ ሻጩ ደወለልን። የመጋዘኑ ሰነድ 16 ይላል። ሳሙናው አልቆባቸው ኖሮ፣ ደረሰኙ የተቆረጠው በወጣው ዕቃ ሳይሆን በትዕዛዛችን መሠረት ነው። «በቃ፣ ቀሪውን አትክፈሉ» አለን። እኛ ግን ክሬዲት ኖቱን ጠየቅን። ደረሰኙ 20 እያለ ከቀረ በእነሱ መዝገብ ባለዕዳ ነን፤ ሻጩ ሥራ ቢለቅ ቃሉን የሚያስታውስልን የለም። በእኛም መዝገብ ያልገባ ዕቃ እንደተገዛ ሆኖ ይቀመጣል። ወረቀቱ በሳምንቱ መጣልን።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጋዘኑ ሰነድ 20 ቢል ኖሮ ዕቃው መንገድ ላይ ጎደለ ማለት ነበር፤ ያን ጊዜ ፊርማችን ራሳችን ላይ ይመሰክርብን ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንዳችን ስንቆጥር ሌላዋ ከወረቀቱ ታነባለች። የጎደለ ካለ ከመፈረማችን በፊት በሁለቱም ቅጂ ላይ «16 ብቻ ተረክበናል» ብለን እንጽፋለን፤ ሾፌሩም ከጎኑ ይፈርማል። ገዢ ቢጠብቅም ይጠብቅ።