በጠባብና ረጅም ሳሎን ውስጥ ለጨዋታ የሚመች የሶፋ አቀማመጥ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሳሎን ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ተኩል ነው። በአንዱ ጠባብ ጎን የመግቢያው በር፣ በሌላው ጠባብ ጎን የበረንዳው መውጫ አለ፤ ሁለቱም ወደ ቀኙ ግድግዳ ይጠጋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ቅርጽ በቀላሉ ያውቀዋል። የሚገባበትም ዕቃ ይታወቃል፦ ባለ ሦስት ሶፋ፣ ባለ ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ባለ አንድና መሐል ላይ የሚቀመጥ ጠረጴዛ።

አብዛኞቻችን ሶፋውን በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ እንደረድረዋለን። መሐሉ ባዶ ስለሚሆን ቤቱ የሰፋ ይመስለናል። ግን በበሩ በኩል የተቀመጠው እንግዳ በረንዳው ጋ ካለው ከ4 ሜትር በላይ ይርቃል። ጎን ለጎን የተቀመጡት ደግሞ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አንገቱን ያዞራል። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳል።

ይህ በጥናትም የታየ ነገር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ሳስካችዋን ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦስመንድና የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ሶመር አረጋውያን ሴቶች የተኙበትን የሆስፒታል ክፍል ተመለከቱ። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ነበር፤ ሴቶቹም ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ወንበሮቹ በትናንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ እንዲቀመጡ ሲደረግ መጀመሪያ ታካሚዎቹም ሠራተኞቹም አልወደዱትም። ከሳምንታት በኋላ ግን ጭውውቱ በግልጽ ጨመረ። 

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለት ሶፋ ፊት ለፊት ማድረግን ነው። ሂሳቡ ግን አያስኬድም። አንድ ሶፋ ከመደገፊያው እስከ ፊቱ 90 ሴንቲሜትር ያህል ይይዛል፤ ሁለቱ 180 ይሆናሉ። ከቀረው 120 ላይ ጠረጴዛው 50 ሲወስድ በግራና በቀኝ 35፣ 35 ይተርፋል። እግር ይገባበታል፤ ሰው ግን አያልፍበትም። ቡና የያዘች ልጅ ባለፈች ቁጥር እንግዳው ጉልበቱን ይሰበስባል፤ ወሬውም ይቋረጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው የሶፋው ቦታ ሳይሆን የመተላለፊያው ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው፣ የቀኙን ግድግዳ ተከትሎ 90 ሴንቲሜትር መንገድ ይተው። ቴሌቪዥኑ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከሥሩ ቡፌ አይቀመጥ፤ መንገዱን ይበላል።

ባለ ሦስቱን ሶፋ በግራው ግድግዳ እናስጠጋ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው እንበል። ሁለቱን ባለ አንድ በሁለቱ ጫፎቹ፣ ፊታቸውን ወደ መሐል መልሰን እናስቀምጥ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ አንዱን ግድግዳው ድረስ ካስገባነው ፊቱ በትልቁ ሶፋ ጎን ይዘጋል። ከትልቁ ሶፋ ፊት ጀምሮ ወደ መንገዱ በኩል ይቁም፤ እንዲያም ሆኖ መንገዱ አይነካም። የክንድ ማሳረፊያውን ስፋት ያህል፣ 20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ ይግባ። ያኔ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አይራራቁም። በሶፋው ጫፍና በአጠገቡ ባለ አንድ ላይ ያሉት ደግሞ ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ይህ ነው፤ ሲፈልጉ ይተያያሉ፣ ሲፈልጉ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ። ጆሯቸው የደከመ አባት ወይም እናት ካሉ እዚህ ይቀመጡ።

ባለ ሁለቱ ሶፋ በዚህ ክብ ውስጥ አይገባም፤ አያስገድዱት። በረንዳው ጋ፣ በዚያው በግራው ግድግዳ ላይ ይሁን። ሁለት ሰዎች ለብቻቸው መነጋገር ሲሹ ይጠቅማቸዋል።

ቡና ሲፈላ ጠረጴዛው ወደ በረንዳው በኩል ይነሳና ረከቦቱ በቦታው ይተካ። ቡና የምታፈላው በበርጩማዋ ላይ ለትልቁ ሶፋ ፊቷን ሰጥታ ስትቀመጥ ክቡ ይሞላል፤ እሷም የጨዋታው ተካፋይ ትሆናለች። ከሰሉ ከሶፋው ጨርቅና ከልጆች መሮጫ ይራቅ።

ለለቅሶና ለድግስ ይህ አይሆንም። ሃያ ሰው ሲመጣ በግድግዳ ዙሪያ መደርደር ግድ ነው፤ ቀላል ወንበሮች ለዚያ ቀን ይቀመጡ። ችግሩ የድግሱን አቀማመጥ ዓመቱን ሙሉ መያዛችን ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ በሁለቱ በጣም በሚራራቁ መቀመጫዎች ላይ ሁለት ሰው አስቀምጡና ዝቅ ባለ ድምፅ ያውሩ። አንዱ ወደ ፊት ካዘነበለ ወይም «ምን አልክ?» ካለ ወንበሮቹን አቅርቡ። ሌላ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ እግሩን የሚሰበስብ ካለ ባለ አንዶቹን ወደ ትልቁ ሶፋ አስጠጓቸው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሜትር ያዙና ከመተላለፊያው ጀምሩ።