የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፦ ጎሚኒ ወይስ ሴራሚክ?

(የውሃ ጠብታ ድምፅ፣ አጭር ሙዚቃ)

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለመቀየር ከመወሰናችሁ በፊት መክፈቻውን እዩት። ደጋግማችሁ የምታዞሩት ከሆነ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ነው። በሩብ ዙር ወይም በአንድ እጀታ የሚከፈተው ግን ካርትሬጅ አለው፤ በውስጡ ሁለት ለስላሳ የሴራሚክ ዲስኮች ተጣብቀው ይንሸራተታሉ።

ጎሚኒ መለወጥ ርካሽ ነው። ውሃውን ከቆጣሪው ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ፣ ጭንቅላቱን በቁልፍ ፍቱ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ጎሚኒው የሚያርፍበትን የናስ ከንፈር በጣታችሁ ዳስሱት። ሻካራ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ አዲሱንም ቶሎ ይቆርጠዋል። ያኔ ከንፈሩን ማስሞረድ፣ ካልሆነም ቧንቧውን መቀየር ነው። ጠብታውን ለማቆም በኃይል ማጥበቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ሴራሚክ እንደ ጎማ ቶሎ አያልቅም፤ ጠላቱ አሸዋና ዝገት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች፣ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት። ማንጠባጠብ ከጀመረ ካርትሬጁን አውጥታችሁ እጠቡት፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የአንዲት አሸዋ ቅንጣት ብቻ ነው። ዲስኩ ከተጫረ ግን ካርትሬጁ ይለወጣል። አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ ባለ 35 እና ባለ 40 ሚሊሜትሩ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። ልኩ ገበያ ላይ ከጠፋ ወይም የቧንቧው አካል ከተሰነጠቀ ሙሉውን ቀይሩት።