የሕፃኑ ገንዘብ በሕፃኑ ስም
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከተደረገ ንግግር)



በየአጥቢያው ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ከሚሰጠው ድጋፍ ከፊሉ በባንክ እንዲጠራቀም ስትወስኑ፣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት የሚለው ነው። ቀላል መስሎ የሚታየው መንገድ በሰብሳቢው ወይም በገንዘብ ያዡ ስም መክፈት ነው። ይህን እንዳታደርጉ አደራ እንላለን። በሰብሳቢው ስም የተቀመጠ ገንዘብ በባንኩ ዘንድ የሰብሳቢው ገንዘብ ነው፤ እርሳቸው ቢያርፉ ወራሾቻቸው ይጠይቁታል፣ ዕዳ ካለባቸውም አበዳሪያቸው ሊያሳግደው ይችላል። የልጁ መሆኑን የሚያውቀው የእናንተ ቃለ ጉባኤ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሒሳቡ በልጁ ስም ይከፈታል፣ የሚፈርመው ግን ሞግዚቱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ አሳዳሪንና ሞግዚትንም ይለያል። አሳዳሪ የልጁን አስተዳደግ፣ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ይመለከታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ልጁን የምታበላው አያቱ ስለሆነች ብቻ ባንኩ ፊርማዋን አይቀበልም። አባትና እናት ሁለቱም ካረፉ ሞግዚትነቱን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠየቃል። ከዚህ ጋር የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሞግዚቱ መታወቂያና የሁለቱ ፎቶግራፍ ይቀርባል፤ ባንኮች አሁን የፋይዳ ቁጥርም ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ካህናትን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የጥምቀት የምስክር ወረቀት የክርስትና ስሙን ይይዛል፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ የመጠሪያ ስሙን። ሒሳቡ በአንዱ ተከፍቶ መታወቂያው በሌላው ቢወጣ፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ገንዘቡ የእርሱ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ያመላልሳል። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ የባንክ ደብተሩንና የትምህርት ቤት ካርዱን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን በዚያው ቀን አስተያዩ።

እንበልና አንዲት ልጅ 11 ዓመት ሞልቷታል፤ የእናቷ እኅት ሞግዚቷ ሆና በፍርድ ቤት ተረጋግጣለች። አጥቢያው በየወሩ ከሚሰጣት ድጋፍ 100 ብር በደብተሯ ይገባል። በሰባት ዓመት 84 ጊዜ ይገባል ማለት ነው፤ ይህም 8,400 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ሆኖ ቢቆይና ምንም ባይወጣ፣ ግብር ሳይቀነስ ወደ 10,800 ብር ይደርሳል። የኑሮ ውድነቱ ከወለዱ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ይህ ገንዘብ ባለጠጋ ያደርጋታል ብለን አንናገርም፤ ለምዝገባና ለመጀመሪያ ወር የቤት ኪራይ ግን በእጇ ይኖራል።

ከ18 ዓመት በፊት ወጪ የሚያደርገው ሞግዚቱ ነው፤ ያም ለልጁ ጥቅም ብቻ። ሰበካ ጉባኤው በባንኩ ፊት ሥልጣን የለውም፤ ሊያደርግ የሚችለው ድጋፉ ሲሰጥ ከሞግዚቱ ጋር በጽሑፍ መስማማት ነው። በስምምነቱ ውስጥ ገንዘቡ ለሕክምናና ለትምህርት ብቻ እንዲወጣ፣ ወጪ ከመደረጉ በፊት ለኮሚቴው እንዲነገር፣ ደረሰኝ እንዲቀርብ፣ ደብተሩም በየሦስት ወሩ እንዲታይ ይጻፍ። የኤቲኤም ካርድ ባይወጣ፣ ሒሳቡም ከሞግዚቱ ስልክ ጋር ባይያያዝ እንመርጣለን። ደብተሩን ስታዩ ገቢው በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም «ደብተሩ ጠፍቷል» የሚለው መልስ ከተደጋገመ፣ ቁጠባው በስም ብቻ ቀርቷል። ያን ጊዜ ሞግዚቷን በጉባኤ ፊት ከመክሰስ አስቀድሞ ቤቷን ሄዶ ማየት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስርቆት ሳይሆን የእህል እጦት ነው። የልጁን ገንዘብ ለራሷ ጥቅም የምታውል ሆና ከተገኘች ግን፣ ሞግዚት እንድትለወጥ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ሞግዚቷ ብታርፍም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ሞግዚት ተሹሞ ማስረጃው ለባንኩ እስኪቀርብ ድረስ ወጪው ይቆማል።

ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ሞግዚቱ በዋና ዋና ጉዳዮች በተቻለ መጠን ሊያማክረው ይገባል። እኛም ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ ልጁ ራሱ ደብተሩን ይዞ ገቢ እንዲያደርግ እንመክራለን፤ ገቢ ለማድረግ የሞግዚት ፊርማ አያሻም።

18 ዓመት በሞላበት ቀን የሞግዚቱ ሥልጣን ያበቃል። ባንኩ ግን ይህን በራሱ ላያስተውል ስለሚችል፣ የልደት ቀኑ በኮሚቴው መዝገብ ተጽፎ ከሦስት ወር በፊት ሥራው ይጀመር። ልጅቱ በልደት የምስክር ወረቀቷ ስም መታወቂያ ታወጣለች፣ ከሞግዚቷ ጋር ወደ ቅርንጫፉ ትሄዳለች፣ የፊርማ ናሙናዋን ትሰጣለች፣ የሞግዚቷም ፊርማ ይሰረዛል። ሞግዚቷ የገባውንና የወጣውን በዝርዝር ታስረክባታለች፤ የዝርዝሩ አንድ ቅጂም በአጥቢያው መዝገብ ይቀመጣል።